ሰማንያ በመቶ ላይ የሚዘገየው ማን ነው? ከኮምቦልቻ አንድ የፈጣን ቻርጅ ጉዳይ

ክርክሩ የተነሣው ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሆቴል ግቢ በተተከለ ፈጣን ቻርጀር ላይ ነው። ባለጉዳዩ ደሴ የሚኖሩ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ የኮንትራት ሹፌር ናቸው። መኪናቸው ከቻይና የመጣ፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉ መኪናዎች በወሎ መንገዶች ላይ በዝተዋል። እሳቸውም የቀድሞውን ሸጠው ይህንን ከገዙ ብዙ አልቆዩም።

የዚያን ዕለት አዲስ አበባ የሚወስዷቸው አራት ተሳፋሪዎች ነበሩ። ከደሴ ሲነሡ ባትሪው ገና ከ20 በመቶ በታች ስለነበር ኮምቦልቻ ላይ ሞልተው ለመቀጠል አሰቡ። የቻርጀሩ ሰሌዳ 60 ኪሎዋት ይላል፤ ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ሂሳቡ ቀላል መሰላቸው፤ ባዶ ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ይሞላል። ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቆሙ። ተሳፋሪዎቹ ቁርስ በልተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ግቢውን ዞረው ጨረሱ። በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ስክሪኑ የሚያሳየው ኃይል ከ10 ኪሎዋት በታች ነበር። ሹፌሩ ማሽኑን የምትጠብቀውን ወጣት ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይህ ማሽን ተበላሽቷል፤ አለበለዚያ ለዚያኛው መኪና ሰጥታችሁብኛል» አሏት። እሷም፣ «አብሽር ጋሼ፣ ሁሉም መኪና መጨረሻ ላይ እንዲሁ ነው» ብላ መለሰች። መልሷ ትክክል ነበር፤ ግን ለምን እንደሆነ አላስረዳችምና አላሳመነቻቸውም።

የጣቢያው ባለቤት እኔን የጠሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሥራዬ የኤሌክትሪክ ጥገና ስለሆነ ማሽኑን እንድፈትሽ፣ የሹፌሩንም ቅሬታ እንድሰማ ጠየቁኝ። ቅሬታው ሦስት ነገሮችን የያዘ ነበር። አንደኛ፣ ማሽኑ የተጻፈበትን 60 ኪሎዋት ፈጽሞ ሰጥቶ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ከጎናቸው ሌላ መኪና ሲሰካ የእሳቸው ኃይል ወርዷል። ሦስተኛ፣ አንድ ወዳጃቸው «ችግሩ የቻይናው መሰኪያ ነው፤ በአውሮፓው መሰኪያ ብትሞላ ይፈጥንልሃል» ብሎ ነግሯቸው አንዱን መሰኪያ ከሌላው ጋር የሚያገጣጥም አስማሚ ሊገዙ ተዘጋጅተዋል። ሦስቱም የየራሳቸው መልስ አላቸው፤ እኔ ያየሁት ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ በከፊል እውነት እንደነበሩ ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች

አብዛኞቹ ፈጣን ቻርጀሮች ስክሪናቸው ላይ በትልቁ የሚያሳዩት የባትሪውን መቶኛና ኃይሉን በኪሎዋት ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው፤ ምክንያቱን ግን ከእሱ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ማሽን ላይ የዝርዝር ገጹን ስንከፍት ሌሎች ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ መኪናው የጠየቀው አምፔር ነው። ሌላው ማሽኑ የሰጠው አምፔር ነው። ጉዳዩን የፈታው የእነዚህ የሁለቱ ልዩነት ነው።

በፈጣን ቻርጅ ጊዜ የኃይሉን መጠን የሚወስነው ማሽኑ ብቻ አይደለም። የባትሪው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር በመሰኪያው ውስጥ ባሉ ቀጫጭን የመገናኛ ሽቦዎች አማካይነት «ይህን ያህል ቮልት፣ ይህን ያህል አምፔር ስጠኝ» እያለ ያዛል። ጂቢ/ቲ በተባለው የቻይና የቻርጅ መሰኪያ ደረጃ ይህ ጥያቄ በሰከንድ ሃያ ጊዜ ይላካል። ማሽኑ ከተጠየቀው በታች ሊሰጥ ይችላል፤ በላይ ግን መስጠት የለበትም። ስለዚህ የተጠየቀው ከተሰጠው ከበለጠ፣ ገደቡ ከማሽኑ ወይም ከኬብሉ መጣ ማለት ነው። ሁለቱ እኩል ሆነው አብረው የሚወርዱ ከሆነ ግን የሚያዘገየው መኪናው ራሱ ነው።

ሹፌሩ በሌላ ቀን ጠዋት ባትሪው 18 በመቶ ላይ እያለ እንዲመጡና ጎናቸው ማንም እንዳይሰካ ተስማማን። እኔም እየቆምኩ ቁጥሮቹን መዘገብኩ።

| ባትሪው | ሰዓት | ቮልት | የተጠየቀ አምፔር | የተሰጠ አምፔር | ኃይል |
|---|---|---|---|---|---|
| 18% | 3፡00 | 358 | 200 | 150 | 54 ኪሎዋት |
| 50% | 3፡22 | 371 | 165 | 150 | 56 ኪሎዋት |
| 60% | 3፡29 | 380 | 130 | 130 | 49 ኪሎዋት |
| 70% | 3፡37 | 386 | 100 | 100 | 39 ኪሎዋት |
| 80% | 3፡48 | 392 | 70 | 70 | 27 ኪሎዋት |
| 90% | 4፡04 | 397 | 45 | 45 | 18 ኪሎዋት |
| 100% | 4፡44 | 402 | 10 | 10 | 4 ኪሎዋት |

ከ18 እስከ 80 በመቶ ለመድረስ 48 ደቂቃ ፈጀ። ከ80 እስከ 100 ለመድረስ ደግሞ 56 ደቂቃ። በመጀመሪያው ክፍል ወደ 37 ኪሎዋት ሰዓት ገብቷል፤ በሁለተኛው የገባው 12 ብቻ ነው። ሹፌሩ ወረቀቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ጣታቸውን በ60 በመቶው መስመር ላይ አሳርፈው፣ «ከዚህ በኋላ የሚጠይቀውም የሚሰጠውም አንድ ነው» አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ነበር።

60 ኪሎዋት የት ሄደ?

የመጀመሪያው ቅሬታ በከፊል እውነት ነው። በሠንጠረዡ ላይ ኃይሉ ከ56 ኪሎዋት በላይ አልወጣም። ማሽኑ ግን አልተበላሸም። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ከ60 ኪሎዋቱ ጎን ሌላ ቁጥር ይዟል፦ 150 አምፔር። ኬብሉም የውስጡ ክፍሎችም ከዚህ በላይ አያሳልፉም። ኃይል ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። በ150 አምፔር 60 ኪሎዋት ለማግኘት ባትሪው 400 ቮልት ላይ መገኘት አለበት። የሹፌሩ ባትሪ ሕዋስ የሚባሉ 96 ትናንሽ ባትሪዎች በተርታ የተያያዙበት ነው፤ 18 በመቶ ላይ ሲሆን ኬብሉ ላይ የሚነበበው ቮልት 358 ነው። 358 በ150 ሲባዛ 54 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል፤ ሠንጠረዡም ይህንኑ ነው የሚለው። ቮልቱ 400 ሲደርስ ደግሞ ባትሪው ሊሞላ ተቃርቧልና 150 አምፔር አይጠይቅም። ስለዚህ ይህ መኪና በዚህ ማሽን ላይ 60 ኪሎዋትን መቼም አያያትም። ቮልታቸው ከፍ ያለ ባትሪ ያላቸው መኪናዎች ግን ያገኟታል። ሻጮች ትልቁን ቁጥር ብቻ ስለሚናገሩ ገዢው ስለ አምፔሩ መጠየቅ ይኖርበታል።

መኪናው መጀመሪያ ላይ 200 አምፔር ሲጠይቅ 150 መሰጠቱ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። እስከ 54 በመቶ ገደማ ገደቡ የማሽኑ ነበር። ጠንካራ ማሽን ቢሆን ኖሮ በዚያ ክፍል ጥቂት ደቂቃዎች ይተርፉ ነበር። ከዚያ በላይ ግን የትኛውም ማሽን ቢመጣ ለውጥ የለም።

ባትሪው ለምን ይቆጥባል?

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው መኪናው «ባትሪውን ለመጠበቅ» ይቀንሳል ብሎ ያልፈዋል፤ ከምን እንደሚጠብቀው ግን አይናገርም።

በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ስንሞላ የሚሆነው ይህ ነው። የሊቲየም አዮኖች ከአንደኛው ወገን ተነሥተው በፈሳሹ ውስጥ ያልፉና በሌላው ወገን ወዳለው ግራፋይት ይገባሉ። ግራፋይት ስስ ንብርብር ያለው ካርቦን ነው። አዮኖቹ በንብርብሮቹ መካከል ገብተው ይቀመጣሉ። ባትሪው ባዶ ሲሆን ቦታው ሁሉ ክፍት ነው፤ የገባው ሁሉ ወዲያው ወደ ውስጥ ያልፋል። ሲሞላ ግን ክፍት የሆኑት ቦታዎች ያንሳሉ፤ አዲስ የሚመጣው አዮን ወደ ውስጥ ዘልቆ ቦታውን እስኪይዝ ጊዜ ይወስድበታል። በደሴ ሰኞ ገበያ ከመኪና እህል አውርደው ወደ መጋዘን የሚያስገቡ ተሸካሚዎችን ያየ ሰው ይህ አይቸግረውም፤ መጋዘኑ ባዶ ሳለ ጆንያው እንደመጣ ይገባል፤ እየሞላ ሲሄድ ተሸካሚው ጥጋጥጉን ይፈልጋል፤ ከኋላው ያለው ካልታገሠ ጆንያው በሩ ላይ ይከመራል።

በባትሪው ውስጥ በሩ ላይ መከመር ማለት ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ሳይገባ በላዩ ላይ እንደ ብረት መለበጥ ማለት ነው። ጉዳቱ ትልቅ ነው። የተለበጠው ሊቲየም በከፊል ተመልሶ አይሠራም፤ ስለዚህ ባትሪው የሚይዘው መጠን ለዘለቄታው ይቀንሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ብረቱ እንደ ስለታም እሾህ እያደገ ሁለቱን ወገኖች የሚለየውን ስስ ሽፋን ሊወጋ መቻሉ ነው። ይህ ውስጣዊ ሾርት ይሆናል፤ ውስጣዊ ሾርት ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካው በመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ባትሪው በዚህ መቶኛና በዚህ ሙቀት ላይ ሲሆን ከዚህ በላይ አምፔር እንዳይጠየቅ የሚል ሰንጠረዥ ያስቀምጣል። ከ55 እስከ 90 በመቶ ባለው ክልል ያየነው መውረድ በዋናነት የዚህ ውጤት ነው።

በመጨረሻው አሥር በመቶ ላይ ሌላ ገደብ ይጨመራል። እንደ ሹፌሩ ባትሪ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ሕዋስ ከ4.2 ቮልት በላይ መሄድ የለበትም። ለ96 ሕዋሶች ይህ 403 ቮልት ነው። በሚሞላበት ጊዜ የሚነበበው ቮልት ግን የባትሪው የራሱ ቮልት ብቻ አይደለም፤ አምፔሩ በባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ ሲባዛ የሚገኘው ይጨመርበታል። የዚህን ባትሪ ተቃውሞ በግምት 0.1 ኦም ብንል፣ 150 አምፔር ሲገባ 15 ቮልት ይጨመራል። ባትሪው በራሱ 399 ቮልት ላይ ደርሶ ከሆነ እስከ ጣሪያው የቀረው 4 ቮልት ነውና ከ40 አምፔር በላይ አይችልም። 401 ሲደርስ ከ20 አይበልጥም። እየተጠጋ በሄደ ቁጥር የሚፈቀደው እያነሰ ይሄዳል። በመጨረሻው ላይ ደግሞ መቆጣጠሪያው ከ96ቱ ሕዋሶች ቀድመው የሞሉትን እያስጠበቀ ወደኋላ የቀሩትን ያስተካክላል፤ ስክሪኑ 99 በመቶ ላይ ለብዙ ደቂቃ የሚቆመው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። አዮኖቹ በቀዝቃዛ ባትሪ ውስጥ ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ፤ ስለዚህ የመለበጥ አደጋው ይጨምራል፤ ኮምፒውተሩም የሚጠይቀውን ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደሴ ላይ ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት ኮምቦልቻ ወርዶ ቢሰካ፣ ባትሪው ባዶ ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ ላይ የሚጠይቀው አምፔር ዝቅ ብሎ ሊነሣና ሲሞቅ ከፍ ሊል ይችላል። ያው መኪና ቀኑን ሲሠራ ውሎ ማታ ሲሰካ ይህ ችግር የለበትም።

ፎስፌት ያለበት ባትሪ የጫኑ መኪናዎች ባለቤቶች ይህን ሠንጠረዥ እንዳለ ወስደው በራሳቸው ላይ እንዳይተረጉሙት አሳስባለሁ። የእነሱ ሕዋስ ጣሪያው 3.65 ቮልት ነው፤ ቮልቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብዙም አይለወጥም። ብዙዎቹ ከፍ ባለ ኃይል ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተው መጨረሻ ላይ በድንገት ይወርዳሉ። ቮልቱ ስለማይለወጥም ኮምፒውተሩ መቶኛውን በትክክል እንዲያውቅ አልፎ አልፎ እስከ 100 መሙላት ያስፈልጋቸዋል።

ጎረቤቱ መኪና ምን ወሰደ?

ማሽኑ በውስጡ እያንዳንዳቸው 30 ኪሎዋት የሚሰጡ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንድ መኪና ብቻ ሲሰካ ሁለቱም ለእሱ ይሠራሉ። ሁለተኛው ሲሰካ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ይከፈላል። ስለዚህ ሹፌሩ «ወሰደብኝ» ማለታቸው ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ጥያቄው ምን ያህል ወሰደ የሚለው ነው።

የማሽኑ መዝገብ የክርክሩን ዕለት ይዞታል። ሁለተኛው መኪና የተሰካው የሹፌሩ ባትሪ 55 በመቶ ላይ ሳለ ነው። በዚያች ደቂቃ ኃይሉ በአንድ ጊዜ ከ52 ወደ 30 ኪሎዋት ወረደ። የመከፋፈል ምልክት ይህ ነው፤ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይወርዳል፤ የተጠየቀው አምፔር ግን ባለበት ይቆያል። ባትሪው ራሱ ሲቀንስ ግን መውረዱ ቀስ በቀስ ነው፤ የተጠየቀውም አብሮ ይወርዳል።

ሂሳቡን አብረን ሠራነው። ከ55 እስከ 60 በመቶ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል የሚፈጀው በ30 ኪሎዋት ስድስት ደቂቃ ወሰደ። ከ60 እስከ 70 ስምንት ደቂቃ የሚፈጀው አሥራ ሁለት ሆነ። ከ70 እስከ 78 ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከ78 በኋላ መኪናው ራሱ ከ30 ኪሎዋት በታች ስለሚጠይቅ ጎረቤት ኖረ አልኖረ ምንም ለውጥ የለም። በድምሩ ሁለተኛው መኪና የወሰደባቸው ከሰባት እስከ ስምንት ደቂቃ ነው። የቀረውን አንድ ሰዓት ገደማ የወሰደው የራሳቸው ባትሪ ነው። ጣቢያው የሚያስከፍለው በደቂቃ ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ በገንዘብ ረገድ የጎደለባቸው ነገር አልነበረም። በደቂቃ የሚያስከፍል ጣቢያ ቢሆን ኖሮ ግን ከ80 በላይ ያለው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ብዙ እጥፍ በተወደደ ነበር፤ ዋጋ ሲጠየቅ ይህ አብሮ መጠየቅ አለበት።

አስማሚው ያፈጥናል?

የወዳጃቸው ምክር መነሻ አለው። በአውሮፓ የሚሠራበት ሲሲኤስ 2 የተባለው መሰኪያና ከቻይና የሚመጣው ጂቢ/ቲ ፈጽሞ አይጋጠሙም። ሲሲኤስ 2 ከላይ ክብ የሆነው የቤት ቻርጅ መሰኪያ፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ወፋፍራም ፒኖች ያሉት አንድ አካል ነው። ጂቢ/ቲ ግን ለቤትና ለፈጣን ቻርጅ ሁለት የተለያዩ መሰኪያዎች አሉት፤ የፈጣኑ ዘጠኝ ፒን ያለው ክብ ነው። የቤቱ ቻርጅ ላይ ደግሞ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል፤ ሁለቱም ሰባት ፒን ያላቸውና በቅርጽ የሚመሳሰሉ ናቸው፤ ነገር ግን በጂቢ/ቲ ፒኖቹ ያሉት በኬብሉ ጫፍ ላይ ሲሆን በአውሮፓው በመኪናው በኩል ናቸው። በኃይል ገፍቶ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ፒን ይሰብራል።

የመሰኪያው ዓይነት የሚወስነው የትኛው ማሽን ላይ መሰካት እንደሚቻል ነው። በጂቢ/ቲ ፈጣን መሰኪያ እስከ 250 አምፔር ማሳለፍ የሚችል አለ፤ የሹፌሩ መኪና ደግሞ ከ200 በላይ አይጠይቅም። ስለዚህ መሰኪያው ለዚህ መኪና ጠባብ አይደለም። ጠባቡ የዚህ ማሽን 150 አምፔር ነው፤ እሱም የሚያግደው እስከ 54 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከባትሪው ስለሚመጣ አስማሚ የሚለውጠው ነገር የለም።

ለፈጣን ቻርጅ የሚሆን አስማሚ ተራ የብረት ማገናኛ እንዳልሆነም ነገርኳቸው። ሁለቱ ደረጃዎች የሚነጋገሩበት መንገድ የተለያየ ነው፤ ጂቢ/ቲ ለመገናኛ የራሱ ሁለት ሽቦዎች አሉት፤ ሲሲኤስ ደግሞ መልእክቱን ከመቆጣጠሪያው ፒን ጋር ደርቦ በከፍተኛ ድግግሞሽ ይልካል። አስማሚው በመካከል ሆኖ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተረጉም ኮምፒውተር በውስጡ ሊኖረው ይገባል። ትርጉሙ ከተሳሳተ ማሽኑ ሥራ አይጀምርም ወይም መሐል ላይ ይቋረጣል። በርካሽ የሚሸጥና በውስጡ ምንም የሌለው አስማሚ መቶዎች ቮልት በሚያልፉበት መስመር ላይ ማስገባት ደግሞ ከመቋረጥም የከፋ አደጋ ነው። በሚሄዱበት መንገድ ላይ ሲሲኤስ 2 ብቻ ያለው ጣቢያ ካለና ሌላ አማራጭ ከሌለ ጥሩ አስማሚ መያዝ ትርጉም አለው። ለፍጥነት ብሎ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። እሳቸውም ሐሳቡን ተዉት።

ሥራው እንዴት ተስተካከለ?

ሹፌሩ ቤታቸው ውስጥ ከመኪናው ጋር የመጣ፣ ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራ አነስተኛ ቻርጀር አላቸው። 220 ቮልት በ10 አምፔር፣ ማለትም 2.2 ኪሎዋት ነው። ቀርፋፋ ስለሆነ ንቀው ጥግ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ለባትሪው የመጨረሻ ክፍል ግን ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን 2.2 ኪሎዋት እጅግ ትንሽ ነው፤ ባትሪው በ95 በመቶ ላይ እንኳ ያለ ችግር ይቀበለዋል። በፈጣኑ ማሽን ላይ ቆሞ የሚጠበቀው የመጨረሻው ሃያ በመቶ ቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ ሳለ በስድስት ሰዓት ገደማ ይገባል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ማታ ከሥራ ሲመለሱ፣ ባትሪው ሞቆ ሳለ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከ18 እስከ 70 በመቶ ይሞላሉ፤ ብቻቸውን ከሆኑ 37 ደቂቃ ነው። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ይገባሉ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከነሰዎቹ 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ለማንሣት ብቻ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ የሞተሩ ብክነትና የመንገዱ ግጭት ሲጨመር ለ25 ኪሎ ሜትሩ መንገድ 8 ገደማ፣ ማለትም 13 በመቶ ይሄዳል። 57 በመቶ ይዘው ይገቡና ሌሊቱን በአሥር ሰዓት 33 በመቶ ያህል ጨምረው ጠዋት 90 ላይ ይነሣሉ።

ለምን 90? እዚህ ላይ የባትሪው ጠባይ እንደገና ይመጣል። መኪናው ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ፍጥነቱን ይይዛል፤ የሚያመነጨውም ወደ ባትሪው ይገባል። ባትሪው 100 በመቶ ከሆነ ግን መግቢያ የለውም። ያው የመለበጥና የቮልት ገደብ እዚህም ስለሚሠራ ኮምፒውተሩ ይህን ብሬክ ይቀንሰዋል ወይም ያጠፋዋል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ሙሉ በሙሉ በጎማ ብሬክ መውረድ ግድ ይሆናል። ይህን ያልጠበቀ ሹፌር እግሩን ሲያነሣ መኪናው እንደወትሮው ሳይያዝ ሲቀር ይደነግጣል። በ90 ከተነሡ ግን ሞተሩ ይይዛል፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱም ባትሪው አንድ ወይም ሁለት በመቶ ጨምሮ ይገኛል።

የቤቱን ሶኬት ሳላየው አላለፍኩም። ለብረት ምጣድ ወይም ለካውያ የሚሠራ ሶኬት ለአሥር ሰዓት ያለማቋረጥ 10 አምፔር ሲያሳልፍ የላላ ብሎን ካለበት ይግላል፤ ፕላስቲኩ መጀመሪያ ይጠይማል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ሶኬቱን ባለ 16 አምፔር አድርጌ ቀየርኩ፣ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመርና ማቋረጫ ዘረጋሁለት። በዚያ ቤት መሬት የሚገባው ሽቦ አልነበረም፤ ቻርጀሩ መጀመሪያ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ያለውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ቀይ መብራት ለማጥፋት የመሬቱን ጫፍ ከሌላ ሽቦ ጋር ያገናኘዋል። ይህ የመኪናውን ቆርቆሮ በኤሌክትሪክ ሊሞላ የሚችል ሥራ ነው፤ ዝናብ ላይ የመኪናውን በር የሚነካ ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ትክክለኛ የመሬት ዘንግ ቀብረን መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ጣቢያው በበኩሉ አንድ ነገር ለወጠ። ሰልፍ ሲኖር 80 በመቶ የደረሰ መኪና ቦታውን እንዲለቅ መጠየቅ ጀመረ። መነሻው የማሽኑ አከፋፈል ነው፤ አንዱ መኪና 95 ላይ ሆኖ 10 ኪሎዋት ብቻ ሲወስድ እንኳ ጎረቤቱ ከ30 በላይ አያገኝም፤ የቀረው 20 ኪሎዋት ያለ ሥራ ይቀመጣል። አንድ መኪና ከ80 እስከ 100 በሚቆይበት 56 ደቂቃ ሌላ ተመሳሳይ መኪና ብቻውን ቢሰካ ከ20 እስከ 70 በመቶ ሞልቶ ይወጣና ገና ሃያ ደቂቃ ይተርፋል።

ሹፌሩ በዚህ ደንብ አንድ ቦታ ላይ አይስማሙም፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቤት ያልሞሉ እንደሆነና ተሳፋሪ ይዘው አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ 80 በመቶ አይበቃቸውም። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ያለው ዳገት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያስወጣል፤ ለማንሣቱ ብቻ ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ ይህም የባትሪያቸው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ቀጣዩ ማሽን እየሠራ መሆኑን በስልክ ሳያረጋግጡ 12 ኪሎዋት ሰዓት ትቶ መሄድ አይቻልም። አሁን እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥማቸው ጠዋት በጣም ቀድመው፣ ሰልፍ ሳይኖር ይመጣሉ፤ ለተሳፋሪዎቻቸውም አስቀድመው፣ «ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት እንቆማለን» ብለው ይነግሯቸዋል።